የአክስቴ ግማሽ ኪሎ

አባቴን የሰፈሩ ሰው «ሐቀኛው» ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ ወርቅ ሲገዛና ሲሸጥ ሚዛን ላይ ጣቱን አሳርፎ ስለማያውቅ ያወጡለት ስም ነው። እውነታቸውን ነው፣ አይሰርቅም። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ቀለበት ሳሰፋ፣ የተበጠሰ ሰንሰለት ስበይድ ነው ያደግሁት፤ አንድም ቀን ሲያጭበረብር አላየሁትም። አክስቴን ቤት አልባ ያደረጋት ግን ይኸው ሐቀኛ ሰው ነው። ሌባ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ትጠረጥረው ነበር።

አያቶቼ ሲሞቱ ቤታቸውን እሱና ታላቅ እህቱ ሸጠው እኩል ተካፈሉ። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ኑሮው ግን አይረሳኝም። ዛሬ የዳቦ መግዣ የነበረው ለነገ አይበቃም። የወርቅ ዋጋ ደግሞ እስከዚያ በነበሩት አሥር ዓመታት ብዙ እጥፍ ወጥቶ፣ ሱቃችን ደጃፍ ላይ ሰው ይሰለፍ ነበር። አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት፣ አላገባችም፣ አልወለደችም። በድርሻዋ ከገበያው ጀርባ ሁለት ክፍል ቤት ልትገዛ ቀብድ ልትከፍል ስትል አባዬ እጇን ያዛት።

«እትዬ፣ ምን ነካሽ? ቤት ይፈርሳል፣ ጣሪያው ያፈስሳል። ወርቅ ምን ይሆናል? ኑሮ በተወደደ ቁጥር አብሮ ይወደዳል። አምስት ዓመት ታገሺ፣ ባለ አራት ክፍል ትገዢበታለሽ።»

«አንተ ካልክ» አለች። ወንድሟ ነው፣ ያውም የወርቅ ሰው። ባለ መቶ ግራም አምስት ጥፍጥፍ ወርቅ ተገዛላትና እኛ ካዝና ውስጥ ተቀመጠ። አባዬ በራሱ ድርሻ ወርቅ አልገዛም። የተከራየውን ሱቅ ገዛበት፤ «ለሥራዬ ነው» አለ።

በየዓመቱ መጨረሻ ሱቁ ሒሳብ ሲዘጋ አክስቴን ይጠራታል። ጥፍጥፎቹን አንድ በአንድ ፊቷ ይመዝናል። «አየሽ? ቅንጣት አልጎደለም።» እሷም መርቃው ትሄዳለች። እኔም አብሬ ደስ ይለኝ ነበር፣ ምክንያቱም እኛ ቤት ኪሳራ ማለት በሞረድ የሚበንነው ብናኝ ነው። ማታ ማታ ወለሉን ጠርገን ጥራጊውን እናጠራቅማለን፤ አቅልጠን ከውስጡ ወርቁን እናወጣለን። ክብደቱ ያልጎደለ ነገር ጎድሏል ብሎ የሚያስብ አንጥረኛ የለም። ሌላ ሰው ዋጋውን ይጠይቅ ነበር። አባዬ ዋጋውን በየቀኑ ያውቀዋል፤ ግን ጠዋት የገዛውን ማታ ስለሚሸጥ፣ በመግዣና በመሸጫው መካከል ያለችው ልዩነት እስካለች ድረስ ቢወጣም ቢወርድም ግድ አልነበረውም።

ወርቁ ግን ከዚያ ሰልፍ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ወርዷል። የዋጋ ንረቱን ለማቆም የባንክ ወለድ ሰማይ ነካ። ገንዘብ እንዲያ ሲያስገኝ፣ ተኝቶ ምንም የማያፈራ ወርቅ ማን ይይዛል? ባለገንዘቡ ሁሉ ሸጠ። ዋጋው ወረደ፣ ትንሽ ቀና አለ፣ ደግሞ ወረደ፤ እንዲህ እያለ ሃያ ዓመት። ዳቦ፣ ክርና የቤት ኪራይ ግን እንደ ድሮው ባይሮጡም መጨመራቸውን አላቆሙም። ባንክ የገባ ገንዘብ ቀድሟቸው ሄደ። ወርቅ ጭራሽ አይረባም አልልም፤ ገንዘብ ወረቀት ሆኖ ሲቀር ወርቅ ያተረፋቸው ሰዎች አሉ። አባዬ ግን አሥር ዓመት ያየውን የዘላለም ሕግ አደረገው። ንዴቴ በዚህ ነው።

አክስቴ ሰባ ዓመት ሊሞላት ሲል አከራይዋ ክፍሉን ለልጁ ፈለገው። ሱቃችን መጥታ በርጩማው ላይ ተቀመጠችና «ከዚህ ወዲያ ዕቃዬን ተሸክሜ አልንከራተትም። ያ ሁለት ክፍል ቤት ዘንድሮ እንደገና ለሽያጭ ቀርቧል። ወርቄን ስጠኝ» አለች።

አባዬ ካዝናውን ከፍቶ እንደ ልማዱ መዘነ። «ልቅም ያለ ግማሽ ኪሎ።»

«ስንት ያወጣል?»

ነገራት። በጣቶቿ አሰላች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። «ልጄ፣ ልክ ነኝ? ቤቱ የዚህን ስድስት እጥፍ ይፈልጋል።»

ልክ ነበረች። ወርቁ ሲገዛ ከነበረው ዋጋ ሲሶው ነው የቀረው፤ ቤቱ ደግሞ በእጥፍ ጨምሯል።

«ያኔ እኮ ሙሉውን ይገዛልኝ ነበር» አለች።

«ወርቁ አልቀነሰም እትዬ፣ ዋጋው ነው የቀነሰው።»

«ታዲያ ወርቁ ውስጥ ልተኛ?»

ሳቅ አመለጠኝ፣ ወዲያው አፈርኩ። አባዬ አንገቱን ደፍቶ ጥፍጥፎቹን በጨርቅ ይወለውላል። «ታገሺ። ይመለሳል፣ ቀን ይጠብቃል እንጂ ይመለሳል።»

«መቼ?»

«እሱን ማን ያውቃል። አምስት ዓመት፣ አሥር ዓመት...»

«አፈር ከበላኝ በኋላ ነዋ! እሺ፣ እርግጠኛ ከሆንክ አንተ ጠብቀው። ያኔ ያወጣሁትን ገንዘብ ብቻ መልስልኝና ወርቁን ውሰድ። ከዚያ በላይ ሲወጣ ትርፉ ያንተ ይሁን። እኔ የቤቱን ግማሽ ከፍዬ ቀሪውን እየሰፋሁ እጨርሳለሁ።»

አባዬ መወልወሉን አቆመ።

«ከየት አምጥቼ? ሱቁን ልሸጥ ነው?»

«ሱቁ ዛሬ ስንት ያወጣል?»

እንደገና መወልወል ጀመረ። መልሱን ሦስታችንም እናውቀዋለን፤ ሱቁም እንደ ቤቱ ጨምሯል፣ ያውም ሃያ ዓመት ሙሉ አብልቶናል።

«አባዬ፣ ወርቋን ግዛት እንጂ» አልኩት። «ይመለሳል ብለህ የለ?»

«አንቺ ዝም በይ! ነጋዴ በዛሬ ዋጋ ነው የሚገዛው።»

አክስቴ አልጮኸችም። «ለእኔ የመከርከኝን ለራስህ አትመክረውም ማለት ነው» አለች፣ በተሰበረ ድምፅ። «በል በዛሬው ዋጋ ግዛኝ። ኪራይ ልክፈልበት።»

ገዛት። ከመንገድ ለሚገባ ለማንኛውም ሰው በሚከፍለው የመግዣ ዋጋ፣ የራሱን ልዩነት አስቀርቶ። እህቴ ናት ብሎ አልጨመረላትም፣ እህቴ ናት ብሎም አልቀነሰባትም። በሐቀኝነቱ እንዲያ ያፈርኩበት ቀን የለም።

ገንዘቡን ኪራይ ጨረሰው። ከቤት ቤት ሦስቴ ተዛወረች፤ በመጨረሻው ክፍል የስፌት መኪናዋ አልጋው ሥር ነበር፣ ሌላ ቦታ ስለሌለ። በስድስተኛው ዓመት እዚያው ሞተች። የቀብሯን ወጪ አባዬ ሸፈነ፤ ሰዎች አመሰገኑት።

ከሞተች ሁለት ዓመት በኋላ ወርቅ በየቀኑ መውጣት ጀመረ። ደጃፋችን እንደገና በሰው ተሞላ። አንድ ጠዋት አባዬ ሬዲዮኑን ታቅፎ ከጓዳ ወጣ፣ ፊቱ በርቷል።

«ሰማሽ? ያኔ የገዛንበትን ዋጋ ዛሬ አለፈ! ይመለሳል አላልኩም?»

«ቁጥሩ ነው የተመለሰው አባዬ። ያ ቤት ዛሬ ከያኔው ሦስት እጥፍ ነው። ግማሽ ኪሎው ሲሶውን ቢገዛ ነው።»

«ቢሆንም ተመልሷል» አለ። ቀጥሎም በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ፣ ከልቡ ነው። «እትዬ ብትታገስ ኖሮ...»

ደሜ ፈላ። የያዝኩትን ቀለበት አስቀመጥኩ።

«ሃያ ዓመት ታግሳለች» አልኩት። «አንተ አንድ ቀን አልታገስክላትም።»

ገበያተኛው ዞር ብሎ አየን። አባዬ ግን የሰማኝም አይመስል፤ ከሰልፉ ፊት የቆመች፣ የቤት ሽያጭ ገንዘቧን በከረጢት የታቀፈች ሴት ወደ ባንኮኒው እየጠራ ነበር።

«ነይ እህቴ፣ ግቢ» ይላታል። «ቤት ይፈርሳል።»