በመርሐ ግብሩ ላይ የተያዘ የሁለት ደቂቃ ሳቅ

የአሳንሰር ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ባለ አሥራ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ አንዲት አሳንሰር አለች፤ ሥራዬ እሷ ናት። ሰው ፊት መናገር አልችልም። ሱቅ ገብቼ የምፈልገውን መጠየቅ አፍሬ ያልፈለግሁትን ገዝቼ የወጣሁበት ቀን አለ። ያም ሆኖ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ የምታወቀው በቀልደኛነት ነው።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። የክፍላችን ኃላፊ በዓመቱ ማጠቃለያ ስብሰባ ዋዜማ ታመመና ሪፖርቱን እኔ እንዳቀርብ ታዘዝኩ። አሥራ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ባለው አዳራሽ፣ ስልሳ ሰው ፊት ወረቀቴን ይዤ ቆምኩ። ፊደሎቹ ጠፉብኝ። ዝም ብዬ በቆየሁ ቁጥር የሚያየኝ ዓይን የሚበዛ መሰለኝ። ከጭንቀቴ የተነሣ ወረቀቱን ትቼ ስለ አክስቴ ማውራት ጀመርኩ።

አክስቴ ስምንተኛ ፎቅ ወዳለው ክሊኒክ ለመታከም መጥታ አሳንሰሯ አምስተኛና ስድስተኛ ፎቅ መካከል ቆማባት ነበር። እስከዚህ እውነት ነው። የቀረውን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። አክስቴ አሳንሰሯ የክሊኒኩ ተራ መጠበቂያ መስላት አርባ ደቂቃ ቁጭ ብላ ጠበቀች፤ በሩን ፈልቅቄ ስከፍት «ዶክተሩ ገቡ?» አለችኝ፤ እኔም «እጃቸውን እየታጠቡ ነው» አልኳት ብዬ ተናገርኩ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዋና ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አውልቀው ዕንባቸውን ጠረጉ። በሕይወቴ ያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ወዶኝ ስለማያውቅ ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ። የሪፖርቱን ዋና ጉዳይ፣ የአሳንሰሯ የፍሬን ሸራ እያለቀ መሆኑን፣ አላነሣሁትም። ቃለ ጉባኤው ላይ «ሪፖርቱ አስደሳች ነበር፤ አቅራቢው ተመስግኗል» ተብሎ ተጻፈ።

የፍሬን ሸራ ማለት አሳንሰሯ ፎቅ ላይ ስትቆም አንቆ የሚይዛት ነው። አዲሱ ስድስት ሚሊ ሜትር ነው። የእኛ ሁለት አይሞላም። ስለዚህ አሳንሰሯ ጥቂት ሰው ስትይዝ ከወለሉ በስንዝር ከፍ ብላ፣ ስትሞላ በስንዝር ዝቅ ብላ መቆም ጀመረች። ሰው በሦስት ቀን ለመደው። ሲገቡም ሲወጡም እግራቸውን አንሥተው ይራመዳሉ፤ እንግዳ ሲመጣ «እዚህ ጋ ደረጃ አለች» ይሉታል። አንድ ቀን በገዛ ሥልጣኔ ዘጋኋት። ዋና ሥራ አስኪያጁ አሥራ ሁለት ፎቅ በእግራቸው ወጡና የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ከእንግዲህ ያለ እሳቸው ፊርማ አትዘጋም ተባለ። ሦስት ጊዜ በደብዳቤ ጠየቅሁ። ለሦስቱም የተሰጠኝ መልስ «በዓመቱ ስብሰባ ላይ በቃል ይቅረብ» የሚል ነበር።

የዘንድሮው ስብሰባ ሲደርስ የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊው ማስታወቂያ አወጡ። እኚህ ሰውዬ ሲስቁ ያየ የለም። ካለፈው ዓመት ልምድ በመነሣት እያንዳንዱ ሪፖርት ሦስት ሦስት ቀልድ እንዲኖረው ተወስኗል፤ ቀልዶቹ ከስብሰባው ዐሥር ቀን በፊት በሁለት ቅጂ ለኮሚቴ ይቅረቡ ይላል። ቅጽም ነበረው። የቀልዱ ዓላማ፣ ቀልዱ የሚነካቸው ክፍሎች፣ የሚጠበቀው ውጤት፦ ፈገግታ፣ ሳቅ፣ ከፍተኛ ሳቅ፣ ከሦስቱ አንዱ ላይ ምልክት ይደረግ።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ጸሐፊዋ ቀልዱን ድምጿን ሳትቀይር ታነባለች፤ ከሦስቱ ሁለቱ ፈገግ ካሉ ማኅተም ይመታል። የዕቅድ ባለሙያው ቀልድ «በመረጃ ይደገፍ» ተብሎ ተመለሰ። የሰው ሀብት ኃላፊዋ ስለ ባሏ ማንኮራፋት የጻፈችው አለፈላት፤ ነገር ግን ባልየው በጽሑፍ መስማማቱን የሚያሳይ ማስረጃ እንድታያይዝ ተጠየቀች። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም ትእዛዛቸው ደህናው ይኸኛው ነበር። ሪፖርቱን ዘንድሮም እኔ እንዳቀርብ ተወስኖ ነበር፤ ለእኔ ግን ቅጽ እንኳ አልሰጡኝም። የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊው ራሳቸው ሞልተውልኝ ነበር፦ «የአክስቱ፣ እንዳለፈው። ከፍተኛ ሳቅ።»

መርሐ ግብሩ ሲወጣ እንዲህ ይላል። ከአራት ሰዓት እስከ አራት ከዐሥር፣ የጥገና ክፍል ሪፖርት። ከአራት ከዐሥር እስከ አራት ከዐሥራ ሁለት፣ ሳቅ።

ኃላፊው ቢሮ ሄጄ ዘንድሮ ቀልዱ እንዲቀርልኝ ለመንኳቸው። ሰው ሊጎዳ ይችላል፣ ነገሩን እንዲያስቡበት እንጂ እንዲዝናኑበት አልፈልግም አልኳቸው። ወረቀታቸውን እያገላበጡ ሁለቱ ደቂቃ ተይዟል፣ በምን ልሞላው ብለው ጠየቁኝ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ አክስቴ ቤት ሄድኩ። ዓመቱን ሙሉ ፊት ነሥታኝ ነበር። ቀልዱ ሰፈር ድረስ ወርዶ ኖሯል፤ ባለ ሱቁ ስታልፍ ባየ ቁጥር ዶክተሩ ገቡ ወይ ይላታል። ልብስ እያጠፈች ነበር፤ ቀና አላለችም። ልናገር የመጣሁትን ፈራ ተባ እያልኩ ነገርኳት።

«ደግሞ ልታወራው ነው?» አለች።

«እንዳወራው ታዝዣለሁ፣ አክስቴ። እኔ ግን...»

«ያን ቀን ተራ መጠበቂያ መስሎኝ ነበር?»

«አይደለም።»

«ካወራህ ሙሉውን አውራ። አለበለዚያ እኔን ከአፍህ አውጣኝ።» ከዚያ የታጠፈውን አንሶላ አንዱን ጫፍ ሰጠችኝና እንደገና አብረን አጠፍነው። ይህ እርቅ መሆኑን አወቅሁ።

የስብሰባው ቀን ስሜ ሲጠራ ገና ከመቀመጫዬ ስነሣ ሰው ፈገግ አለ። መድረኩ ላይ ስወጣ ገመድ አደናቀፈኝና ሳቁ ከወዲሁ ተጀመረ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ወንበራቸውን ወደ ፊት ሳብ አደረጉ።

«ዛሬ ቀልድ የለኝም» አልኩ።

አዳራሹን በሳቅ አናወጡት። ከኋላ አንድ ሰው «ጀመረ፣ ጀመረ» አለ።

ወረቀቴን ማንበብ ቀጠልኩ። የፍሬኑ ሸራ ሁለት ሚሊ ሜትር አልሞላም ስል ሳቁ። በዓመት ውስጥ አሳንሰሯ ሠላሳ አንድ ጊዜ በሁለት ፎቅ መካከል ቆማለች ስል የሂሳብ ክፍል ኃላፊው ጎኑን ይዞ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። አንድ ቀን ሰው ይዛ ትንሸራተታለች ብዬ ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ዋና ሥራ አስኪያጁ አጠገባቸው ላለው ሰው፣ ድምፁን እንኳ ሲያስመስል አየኸው አሉት። ኮስተር ባልኩ ቁጥር ይብስባቸዋል። አምና የሰጠኋቸውን ፊት ነው የሚያዩት፤ ሌላ ፊት ደግሞ አልነበረኝም።

አራት ከዐሥር ሲሆን የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊው ተነሥተው ሰዓታቸውን አዩና «ሳቅ» አሉ።

ስልሳ ሰው ሳቀ። የመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ከልብ ነበር። ከዚያ ደከማቸው። የዕቅድ ባለሙያው ሊያቆም ሲል ኃላፊው በእስክሪብቶ ጠቆሙትና ቀጠለ። አንዲት ሴት እየሳቀች ቦርሳዋ ውስጥ ቁልፍ ትፈልጋለች። እኔ መድረኩ ላይ ቆሜ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። በነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ አንድ ነገር ገባኝ። ቀልዱን ብተወው እነሱ አይተዉትም። አምና ያስገባሁትን ከውስጣቸው የማወጣው ራሴ ነኝ።

«አበቃ» አሉ ኃላፊው፣ ተቀመጡም።

«የአክስቴን ልንገራችሁ» አልኩ። ጭብጨባ ሆነ። እንደ አምናው አድርጌ ነገርኳቸው፤ ተራ መጠበቂያውን፣ አርባ ደቂቃውን፣ «ዶክተሩ ገቡ?» የሚለውን። ከእኔ ቀድመው በአንድነት ተናገሩት። እስኪጨርሱ ጠበቅኋቸው።

«ይህ አልሆነም» አልኩ ከዚያ። «እናንተን ፈርቼ የፈጠርኩት ነው። የሆነውን ልንገራችሁ።»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። በተቻለኝ መጠን ቀስ ብዬ፣ አንዲት ቃል ሳላሳምር ነገርኳቸው። አምስተኛ ፎቅ ላይ በሩን ስከፍተው የአሳንሰሯ ወለል ደረቴ ጋ ነበር። አክስቴ ጫፉ ላይ ተቀመጠች፤ እግሮቿን ወደ እኔ አውርዳ፣ አንገቷን ወደ ውጪ አውጥታ። ወገቧን ያዝኩ። ያኔ ፍሬኑ ለቀቀ። ሰው ሁሉ ፍሬን ሲለቅ አሳንሰር የሚወድቅ ይመስለዋል። አንድ ሰው ብቻ ሲኖርባት ግን በገመዱ በሌላው ጫፍ የተንጠለጠለው ክብደት ከእሷ ይበልጣል፤ ስለዚህ ወደ ላይ ነው የምትሄደው። ከአክስቴ ጭንቅላት እስከ በሩ የላይኛው ጠርዝ የነበረው ክፍተት ሲጠብ አየሁት። ጎተትኳት፤ ላዬ ላይ ወደቀች። ሻርፗ እዚያው ላይ ተቆንጥጦ ቀረ። መተላለፊያው ላይ በጀርባዋ ተጋድማ ወደ ጣሪያው እያየች አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«ምን አለችህ?» አሉ ዋና ሥራ አስኪያጁ።

«‹ልጄ፣ ጭንቅላቴ አለ?› አለችኝ።»

አንድ ሰው ከልማድ ሳቀ። ድምፁን ራሱ ሰማውና አፉን በእጁ ያዘ። ከዚያ ማንም አልተናገረም። የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊው መርሐ ግብሩን ገለበጡ፣ ጀርባውንም አዩ፤ እንዲህ ያለ ዝምታ አልተያዘም ነበር። ጸሐፊዋ እጇን አንሥታ ቃለ ጉባኤው ላይ ምን ብላ እንደምትጽፍ ጠየቀች። ዋና ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞሩ። ፍሬኑን መቀየር ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠየቁኝ። ሸራው ከመጣ አንድ ቀን አልኳቸው። ዛሬ ጠዋት በዚያች አሳንሰር መምጣታቸውን፣ ያውም ብቻቸውን፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ያህል ተናገሩና ወረቀቱን ፈረሙልኝ።

የተፈረመውን ይዤ ወጣሁ። ኃይሉን ከማጥፋቴ በፊት አሳንሰሯ ባዶ መሆኗን ማየት አለብኝና ወደ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ጠራኋት። በሩ ሲከፈት የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊው ከኋላዬ መጥተው ቀደሙኝና ገቡ። ምድር ቤት ለስድስት ሰዓት የተያዘውን የምሳ ዝግጅት ሊያዩ ነው።

«ይውረዱልኝ፣ ጋሼ።»

«ለመጨረሻ ጊዜ ነው። አድርሰኝና ዝጋት።»

«ብቻዎን ነዎት። ወደ ላይ ነው የምትወስድዎት።»

ያን ጊዜ ሳቁ። ሲስቁ ማየቴ የመጀመሪያዬ ነው፤ ትንንሽ ጥርሶች አሏቸው። ትከሻቸው እየተነቃነቀ፣ አንተ ልጅ እኮ አትቻልም አሉኝ። በሩ ሊዘጋ ሲል እግሬን አስገባሁ። ልክ እንደሳቁልኝ ብስቅላቸው ደስ ይላቸው ነበር፤ አፌም ለዚያ የተዘጋጀ ነበር። አልሳቅኩም። በሩ እግሬን መታና ተመለሰ፣ መታና ተመለሰ። እሳቸው ብቻቸውን ጥቂት ሳቁ። ከዚያ ፊቴን ቆመው አዩት፤ ረጅም ጊዜ።

እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉና ስንዝሯን ወረዱ።