የጃኬቱ ባለቤት በር

ኮምፓስ የሚለውን ስም ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። በሞተር ሳይክል ለሰው ዕቃ የምታደርስ ሴት ነች፤ ቁጥር የሌለው በር እንኳ አይጠፋትም። ስለዚህ ልብስ ሰፊው የአጎቷ ልጅ ሱቁ ድረስ አስጠርቷት «እህቴ፣ አንድ ቤት ፈልጊልኝ» ሲላት አልገረማትም።

የማን ቤት እንደሆነ ስትሰማ ግን ገረማት። አንዲት ደንበኛው ጃኬቷን እንዲያሳጥርላት ሰጥታው፣ እየሳቀች ወጥታ በዚያው ቀረች። የእሱንም ልብ ይዛ ነው የሄደችው። ምስኪኑም የማኅበራዊ ሚዲያ ገጿ ላይ የለቀቀቻቸውን ፎቶዎች ስልኩ ላይ አስቀርቶ እያጎላ ሲያይ ሰንብቷል። በአንዱ ከመስኮቷ ፊት ለፊት ሰማያዊ የውሃ ታንከር ይታያል፤ በሌላው ከበሯ አጠገብ የአውቶቡስ ፌርማታ።

«ውይ፣ ይሄን ታንከርማ አውቀዋለሁ!» ከኮምፓስ አፍ አመለጠ። ለሴትዮዋ ዕቃ አድርሳላት ታውቃለች፤ አድራሻዋ አሁንም የሥራ ስልኳ ላይ አለ።

«በይ ንገሪኛ!»

«ለዕቃዋ ብላ ነው የሰጠችን፣ ላንተ ብላ አይደለም። ብነግርህ ከሥራ ቢያባርሩኝም ይገባኛል።»

«ፎቶውን ራሷ አይደለች የለቀቀችው?»

«አንተስ ሱሪ መስኮት ላይ ሰቅለህ የለ? ያየው ሁሉ ገብቶ ይልበሰው? ለመሆኑ ስልኳን አልሰጠችህም?»

«ሰጥታኛለች።»

«ታዲያ አትደውልም?»

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ጣቱ ላይ መጠቅለል ጀመረ። «በስልክ እምቢ ማለት ቀላል ነው። በሯ ላይ ከቆምኩ ግን ታፍራለች፤ ግባ ትለኛለች።»

ኮምፓስ ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደደች። «እምቢ እንዳትልህ ነዋ በሯን የፈለግከው! አንድ ሽማግሌ ደንበኛችን መንገድ ላይ ሲወድቁ ቤታቸውን ለአምቡላንስ ሰዎቹ ነግሬያለሁ፤ ነፍስ ነው። የፍርድ ቤት መጥሪያ ይዞ የመጣውንም ወደ አለቃዬ መርቼዋለሁ። አንተ ምን ይዘሃል? ጃኬት!»

በመጨረሻ እሱ ስልኩን አንስቶ ረጅም መልእክት ጻፈ። እሷ ስልኩን ተቀብላ አብዛኛውን ቆረጠችው፤ የተረፈው «ጃኬትዎ ደርሷል። ይመጣሉ ወይስ የሚላክበትን ቦታ ይነግሩኛል?» የሚል ብቻ ነበር። የአበባ ምልክት ሊጨምርበት ሲል እጁን መታችው።

መልሱ እስኪመጣ ድረስ ልብስ ሰፊው የደንበኛ ሱሪ ኪስ ከነአፉ ሰፍቶ ደፈነ። ስልኩ ሲጮኽ ለማንበብ ድፍረት ስላጣ ኮምፓስ አነበበችለት።

«ስለዘገየሁ ይቅርታ። ነገ ከሥራ በኋላ ገበያው በር ያለው ዳቦ ቤት እጠብቅዎታለሁ። ቤቴን እንዲሁ ለሰው አልናገርም፤ አንድ ጊዜ ያልጠራሁት ሰው በሬ ላይ ቆሞ አገኘሁት፣ ቤት የቀየርኩትም በዚያ ምክንያት ነው። ቦታውን እንድመርጥ ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ።»

ልብስ ሰፊው ፊቱ አመድ መሰለ። ፎቶዎቹን ከስልኩ አጠፋ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ እየፈራ፣

«ዳቦ ቤቱ ግን... የቱ ጋ ነው?» አላት።

«ይሄንንማ እነግርሃለሁ» አለች ኮምፓስ።