ማክሰኞና ሐሙስ

የቅጥር ደብዳቤው ሰኞ ጠዋት ስልኳ ላይ ከገባ ጀምሮ ነዳፊዋ መቀመጫ መቆሚያ አጣች። ቁጭ ትላለች፣ ትነሳለች፣ መስኮት ትከፍታለች፣ መልሳ ትዘጋለች። የሕንፃ ፕላን መንደፍ ያስተማራት ሰው የለም፤ ከኮምፒውተሩ ጋር እየተናነቀች ራሷ ነው የለመደችው። ይኸው አሁን ትልቅ ድርጅት «ነይልን» አላት። በደሞዙ ቅር የሚላት ነገር የለም። ጭንቋ ሌላ ነው።

እናቷን ስትሮክ ግራ ጎኗን ከመታት አምስት ወር ሆነ። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ቤት ድረስ ይመጣል፤ ከኋላ ደግፎ የሚይዛት ከሌለ እናቷ አትቆምም። በሌሎቹ ቀናት አክስቷ አብራት ትውላለች፤ ማክሰኞና ሐሙስ ግን አክስቷ ሱቋን ትከፍታለች። የአሁኑ መሥሪያ ቤቷ ሁለቱን ቀን ከቤት እንድትሠራ ፈቅዶላታል። አዲሱ ደብዳቤ ስለዚህ ትንፍሽ አላለም፤ ጭራሽ «ከወሩ መጀመሪያ አንስቶ» ይላል። ለወሩ መጀመሪያ የቀረው አሥራ ስድስት ቀን ነው፣ ለአሁኑ አሠሪዋ የምትሰጠው ማስጠንቀቂያ ደግሞ ሠላሳ ቀን። መልስ የሚጠበቅባት እስከ ዓርብ።

«ብዙ ጠይቂ፣ እነሱ ይቀንሱልሻል» አላት ታላቅ ወንድሟ። ሥራው ሹፌርነት ነው፤ በሁሉ ነገር ስለሚከራከር ግን ቤተሰቡ ጠበቃው ይለዋል። «አምስት ቀን የዓመት ፈቃድም ጨምሪበት።»

«አምስት ቀን ምን ይሠራልኛል?»

«ለመጣል ነዋ! የምትጥዪው ከሌለሽ በምን ትደራደሪያለሽ?»

ምክር የማይወደው ልቧ እያጉረመረመ ሰማችው። የሥራ መጀመሪያዋ በሦስት ሳምንት እንዲገፋላት ጻፈች፤ ቀጥሎ አምስቱን ቀን፤ መጨረሻ ላይ፣ እንደ ዋዛ፣ «ቢቻል» ማክሰኞና ሐሙስ ከቤት ብትሠራ።

ከዚያ ጥበቃው መጣ። ስልኩን ገልብጣ ታስቀምጠዋለች፣ መልሳ ታነሳዋለች። ሐሳቧ ስልኩ ላይ ሆኖ ሁለተኛ ፎቅ የማይደርስ ደረጃ ነደፈች።

ረቡዕ ከሰዓት መልሱ ገባ። የሥራ መጀመሪያው ተገፍቷል። አምስቱ ቀን ተፈቅዷል። ከቤት መሥራቱን ግን «በአሁኑ ወቅት ማስተናገድ አንችልም።»

«ከሦስት ሁለት! ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለ ጠበቃው በስልክ።

«የምጥለውን ሰጡኝ፣ የምፈልገውን ጣሉት! ጥብቅናህን ለትራፊክ ፖሊስ አድርገው።»

እናቷ ከአልጋዋ ሆና ሰማች። «ተይው አንቺ ልጅ። ግድግዳውን ይዤ እቆማለሁ።»

«ግድግዳው ስትወድቂ አያነሳሽም እማዬ።»

ሐሙስ ጠዋት ባለሙያው እንደወጣ፣ ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሰች ለአዲሱ ድርጅት የሰው ኃይል ኃላፊ ደወለች።

«ደብዳቤዬን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለች፤ ለእሷ ይህን ማለት ጥርስ የመንቀል ያህል ነበር። «ሦስቱ እኩል አይደሉም። አምስቱን ቀን ይውሰዱት። ሁለቱ ቀን ከሌለ ግን መፈረም አልችልም። እናቴ ታማ ቤት ውስጥ ትታከማለች፤ ከሦስት እስከ አራት ተኩል እደግፋታለሁ። ያንን ሰዓት ማታ እተካዋለሁ፤ አሁንም የምሠራው እንደዚያ ነው።»

«ታዲያ ይህን ለምን አልጻፉልንም? ‹ቢቻል› ሲሉ እኮ ብዙም የማያስፈልግዎት መስሎን ነው።»

ጆሮዋ ጋለ።

«ሐሙስ ስምንት ሰዓት የነዳፊዎች ስብሰባ አለ፤ እሱ በአካል ነው» አለች ኃላፊዋ። «እስቲ የክፍሉን ኃላፊ ላናግር።»

ከሁለት ሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። «ማክሰኞ ሙሉ ቀን፣ ሐሙስ እስከ ምሳ፤ የዓመት ፈቃድዎ እንደ ሌላው ሠራተኛ። የክፍሉ ኃላፊ ተስማምተዋል። አሁን ይፈርሙልን።»

«ደብዳቤው ላይ ይግባልኝ።»

«ቃላችንን ሰጠንዎት እኮ!»

«እርስዎን አምናለሁ። ነገ በእርስዎ ቦታ የሚቀመጠውን ግን አላውቀውም። በሙከራ ጊዜዬም እንደሚሠራ ይጻፍልኝ።»

ከወዲያ በኩል የኪቦርድ ድምፅ ተሰማ።

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ የተስተካከለው ደብዳቤ መጣ። ሦስቴ አንብባ ፈረመች። ከሰኞ ጀምሮ መሳቢያ ውስጥ የደበቀችውን የመልቀቂያ ደብዳቤ ለአለቃዋ ያስገባችው ከዚያ በኋላ ነው።

«አምስቱን ቀን ጥለሽ አይደል ያገኘሽው?» አለ ጠበቃው። «ለመጣል ነው አላልኩሽም?»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችው። ልክ መሆኑ ይባስ አበገናት። ገና ሁለት እርምጃ ሳትራመድ ግን ሐሙስ ከሰዓት ትዝ አላት፤ እሷ ስብሰባ ላይ፣ አክስቷ ሱቋ ውስጥ፣ እናቷ ብቻዋን። መልሳ ደወለች።

«ሐሙስ ከሰዓት ሥራ አለህ?»

«አለኝ እንጂ፣ ተራዬ ነው።»

«እንግዲህ ጠበቃ አይደለህ? ከአለቃህ ጋር ተደራደር። ዋናውን ግን ከላይ ጻፈው።»