ሰማያዊ ዶሮ ያለበት ደረሰኝ

ግዢ ሠራተኛዋ የሱቁን የመስታወት በር ገፍታ ስትገባ ሰዓቱ ስምንት ከሩብ ሆኗል። እስከ አሥር ሰዓት ደረሰኝ ይዛ ካልተመለሰች፣ ትናንት ከምትሠራበት ትምህርት ቤት በስሟ ፈርማ ያወጣችው ስልሳ ሺህ ብር በእሷ ላይ ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል። የሙከራ ጊዜዋ ደግሞ ሊያልቅ አራት ቀን ቀርቶታል። እንዲህ ያለ ዕዳ ያለበትን ሰው ማን ቋሚ ያደርጋል?

ትምህርት ቤቱ ውስጥ «ቆጣቢት» ነው የሚሏት፤ ስሟን የሚያስታውስ ያለም አይመስልም። ዋጋ ስትከራከር ሻጩን ላብ ያጠምቀዋል። አንዲት የምትኮራባት ዘዴም አለቻት፦ ዋጋው እስኪቆረጥ ድረስ ስለ ደረሰኝ ትንፍሽ አትልም። ሻጭ ደረሰኝ የማትፈልግ መስሎት ዋጋውን ዝቅ ያደርጋል፤ እጅ ከተማቱ በኋላ እሷ ፈገግ ብላ «በሉ እንግዲህ ደረሰኜን» ትላለች። ብዙዎቹ እያጉረመረሙም ቢሆን ይቆርጡላታል።

ትናንት ግን ዘዴዋ እሷኑ ጠለፋት። የፈተና ማባዣ ማሽኑ ሱቁ ውስጥ የቀረው አንድ ብቻ ነበር። ሌላ ገዢ በስልክ ሲጠይቅ ሰማች፤ ተጣድፋ ገንዘቡን ቆጥራ ሰጠች፤ ማሽኑ መኪና ላይ ወጣ። ደረሰኝ ስትል ባለሱቁ «የመቁረጫ ማሽኗ ተበላሽታለች እህቴ፣ ነገ ብቅ በዪ» አላት። በእጇ የቀረው የርክክብ ወረቀት ነው። ከሥሩ ባለሱቁ «ሙሉ ክፍያ ተቀብያለሁ» ብሎ በእጁ ጽፎ ፈርሞበታል። ሒሳብ ክፍል ግን ይህን አይቀበልም፤ እሱ የሚፈልገው የታክስ ደረሰኝ ነው።

«እህቴ! ማሽኑ እንዴት ነው? ይሠራል አይደል?» አለ ባለሱቁ ከጠረጴዛው ጀርባ፤ ወፍራም፣ ድምፁ የለሰለሰ ሰው ነው።

«ይሠራል። ደረሰኙን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«ውይ፣ ማሽኗ እኮ እስካሁን...»

ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ከጎኑ ያለችው ረዳቱ ለአንድ የኬብል ገዢ የደረሰኝ ማሽኗን ቁልፎች ጠቅ ጠቅ አደረገች፤ ማሽኗም ዝርርርር ብላ ረጅም ወረቀት ተፋች። እሷም ባለሱቁም ወደ ወረቀቱ ዞሩ። ባለሱቁ ለአፍታ እንኳ አላፈረም።

«አሁን ገና መሥራቷ ነው፤ እግርሽ ርጥብ ነው!» ብሎ ሳቀ። «እንግዲያው ታክሱን ጨምሪና ልቁረጥልሽ። አሥራ አምስት በመቶ፣ ዘጠኝ ሺህ።»

ደሟ ፈላ። ዘጠኝ ሺህ ከአንድ ወር ደመወዟ ይበልጣል። «ዋጋ ስትነግረኝ ታክሱ ለብቻ ነው አላልክም። ካላልክ ደግሞ እንዳለበት ነው የሚቆጠረው። ከተቀበልከው ላይ ነው የምታወጣው።»

«አንቺስ ደረሰኝ እፈልጋለሁ አልሽኝ? ስልሳ ያልኩሽ ደረሰኝ የማትፈልጊ መስሎኝ ነው። ብትነግሪኝ ስልሳ ዘጠኝ ነበር የምልሽ። ማን ማንን አታለለ እህቴ?»

እውነቱን ነዋ! ደረሰኝ መስጠት ግዴታው ነው፤ እሱን ታውቃለች። ግን ያጠመደችው እሷ ናት። በዚህ መሃል ስልኳ ጮኸ፤ ሒሳብ ሹሙ ነበር። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ስለሚያነብ «መነጽሩ» ይሉታል።

«ቆጣቢት፣ የት ደረስሽ? መዝገቡን ልዘጋ ነው።»

«መጣሁ ጌታዬ፣ እየተቆረጠልኝ ነው» ብላ ዋሸች።

ባለሱቁ ፊቷን አነበበ። ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አትጨነቂ። ለመሥሪያ ቤት ሰው መላ አይጠፋም።» ከታችኛው መሳቢያ አንድ የደረሰኝ ጥራዝ አወጣ፤ ቀድሞውኑ ማኅተም የተመታበት ነው። «የወዳጄ ድርጅት ነው። ስልሳ ሺህ፣ ታክሱን ጨምሮ ብዬ እሞላልሻለሁ። ለእኔ አምስት መቶ ብትሰጪኝ ይበቃል። ብዙ ሰው የሚወስደው ይህንኑ ነው።»

አምስት መቶ ቦርሳዋ ውስጥ አለ። ሥራዋም፣ ስሟም በአምስት መቶ ሊተርፍ ነው። እጇ ወደ ቦርሳዋ ሄደ፤ ዚፑንም ከፍታው ነበር።

ያኔ ነው በደረሰኙ ቅጠል ራስጌ ላይ የታተመውን ሰማያዊ ዶሮ ያየችው።

ይህን ዶሮ ታውቀዋለች። ሥራ በጀመረች ሳምንት፣ ከእሷ በፊት የነበረው ሰው ፋይል ውስጥ ሦስት ጊዜ አይታዋለች፦ ሦስት ደረሰኝ፣ ሦስት ሰማያዊ ዶሮ፣ በተጻፈው አድራሻ ግን እንዲህ የሚባል ድርጅት የለም። ሰውየው በሌብነት ተባረረ። ቁልፍ ሲያስረክባት የያዘው አንድ የሻይ ኩባያውን ብቻ ነበር። «ደረሰኙን ከየት አመጣኸው?» ሲሉት አቀርቅሮ ዝም እንዳለ ነው የሚወራው። በደረሰኞቹ ላይ የተጻፉት ዕቃዎች ግን በእርግጥ ተገዝተው መጥተዋል፤ አንደኛው ወንበር ላይ እሷ ራሷ ትቀመጥበታለች።

ዚፑን ዘጋችው።

«ይህን ዶሮ አውቀዋለሁ» አለች፤ ድምፅዋ ከገመተችው በላይ ወጣ፤ ኬብል የገዛው ሰው ዞር አለ። «እኛ ፋይል ውስጥ ሦስቱ አሉ። ማን እንደሰጠ ብቻ ነው ያልታወቀው።»

የባለሱቁ ፊት አመድ መሰለ። ጥራዙን መሳቢያው ውስጥ ወርውሮ በጉልበቱ ዘጋው። «ሰውዬው ራሱ ለምኖኝ ነው» አለ፤ ማንም ስለ ሰውየው ሳይጠይቀው። ከዚያ ረዳቱን ገፍትሮ ማሽኗ ላይ ተቀመጠ። «የትምህርት ቤቱን መለያ ቁጥር ንገሪኝ!»

ቁጥሩን እየቆጠረች ነገረችው፤ በእያንዳንዱ አሃዝ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። ወረቀቱ ወጣ፦ የሱቁ ስም፣ የትምህርት ቤቱ ስም፣ ታክሱ ለብቻው፣ ድምሩ ስልሳ ሺህ። ሊሰጣት ሲል ጫፉን ያዘው።

«ያየሽውን አላየሽም። ተስማማን?»

ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ወረቀቱን ለቀቀላት።

አሥር ሰዓት ሊሞላ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው መነጽሩ ቢሮ ደረሰች። እሱም ደረሰኙን ወደ መስኮቱ ይዞ መረመረ፤ ቁጥሩን፣ ስሙን፣ ድምሩን በጣቱ ተከተለ። ከዚያ «ተወራርዷል» የሚለውን ማኅተም መታበት። አለቀ፤ ቋሚ መሆኗ ነው።

«ጎበዝ!» አለ መነጽሩ እየሳቀ። «እንደዚያ ሌባ፣ ሰማያዊ ዶሮ ይዘሽብን አልመጣሽም።»

በሩ ጋ ደርሳ ነበር። እጀታውን እንደያዘች ቆመች። ሰውየው ኩባያውን ይዞ ሲወጣ ታያት። ምናልባት እሱም እንደሷ ዋጋ ሲያስቀንስ ውሎ፣ ያንኑ ጠረጴዛ ተደግፎ፣ ዚፑን ከፍቶ ይሆናል። ልዩነታቸው እሱ የሚያስጠነቅቀው የቀድሞ ሰው ፋይል አለማግኘቱ ብቻ ነው።

ተመልሳ ከመነጽሩ ፊት ለፊት ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ዶሮው ያለበትን መሳቢያ አይቻለሁ» አለች። «ለእኔም ሊሞላልኝ ነበር።»

መነጽሩ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ዓይኑ ላይ አደረገ። «ይህን ከጻፍሽ፣ አንቺም ያለ ደረሰኝ እንደከፈልሽ መጻፍሽ ነው። አራት ቀን ነው የቀረሽ፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ።»

ንጹሕ ወረቀት ገፋላት። እስክሪብቶዋን አወጣች፤ የመጀመሪያውን መስመር ለመጻፍ ብዙ አላሰበችም፦ «ዋጋ ለማስቀነስ ብዬ ደረሰኝ እንደማልፈልግ አስመስያለሁ፤ ገንዘቡንም ደረሰኙ ሳይቆረጥ ከፍያለሁ።»