ስድስት ዓመት የተጨመረበት ሰው

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። የዛሬ ሳምንት የኪስ ቦርሳውን ታክሲ ውስጥ ጣለው። መታወቂያውና የባንክ ካርዱ ጎን ለጎን ነበሩ፤ የካርዱ የሚስጥር ቁጥር ደግሞ የተወለደበት ዓመት ነው። ቀይረው ብዬ ስንቴ ነገርኩት፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።

የባንኩ ስልክ አልነሳ ስላለ በእግራችን ሮጥን።

"ሌባው መታወቂያህን ማንበብ ብቻ ነው የሚጠበቅበት" አልኩት።

"ዝም በይ እስቲ፣ ልቤ ሊወጣ ነው።"

የባንኩ ሠራተኛ ኮምፒውተሯን አየች። "ማሽን ላይ ሦስት ጊዜ የተሳሳተ ቁጥር ገብቶ ካርዱ ተዘግቷል። ብር አልወጣም።"

ያኔ ነው ትዝ ያለን። መታወቂያውን የጻፈው ሰው በባሌ ዕድሜ ላይ ስድስት ዓመት ጨምሮበታል። ይታረምልኝ እያለ ተመላልሶ፣ ሰልችቶት፣ ሲረግመው የኖረው ስህተት አዳነው።

ሠራተኛዋ አዲስ ካርድ ሰጥታ "አሁን ቁጥር ይምረጡ፤ ልደት ግን ይቅርብዎት" አለችው።

"እንግዲያው አራት ጊዜ አንድ ይሁን፣ አይረሳኝም" አለ ጮክ ብሎ። የተሰለፈው ሰው ሳቀ።

"እሱንም ሌቦች ቀድመው ይሞክሩታል። የማይገመት ይሁን፤ ለማንም አይንገሩ፣ ለባለቤትዎም ቢሆን።"

ጀርባውን ሰጠኝና በመዳፉ ሸፍኖ አራት ቁጥር ነካ።

ይኸው ሳምንቴ፣ ስገምት እውላለሁ። የሠርጋችን ቀን ከሆነ ዛሬም አልተማረም። ካልሆነ ደግሞ ጉዱ ይፈላል።