የጎደሉት ሦስት መቶ ሃያ አክሲዮኖች

ኦዲተሩ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ሒሳብ ሲመረምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ባልደረቦቹ «ነጥብ» ይሉት ነበር፤ ከቁጥር መሀል አንዲት ነጥብ ብትዛነፍ ሰማይ የተደፋ ይመስለዋልና። እንዲህ ያለ ሰው በአደራ ገንዘብ ላይ እጁን አሳረፈ ቢባል የሚያምን የለም። እሱ ግን ራሱን በሆዱ ሌባ ብሎ ከጠራ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ከሟቹ አታሚ ነው። አታሚው የነጥብ የልብ ወዳጅ ነበር። የመጀመሪያ ሚስቱ አንዲት ሴት ልጅ ትታበት ሞታ፣ አንዲት ልብስ ሰፊ አግብቶ ሃያ ሁለት ዓመት አብሯት ኖረ። ማተሚያ ቤቱን ዕዳ በልቶት ስለነበር ሲሞት የቀረው ሀብት አንድ ብቻ ነው፤ የጠርሙስ ፋብሪካ አራት ሺ አክሲዮን። ኑዛዜውም ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። «ፋብሪካው የሚከፍለው የትርፍ ድርሻ ለባለቤቴ፣ ዕድሜ ልኳን። አክሲዮኑ ራሱ፣ እሷ ስታልፍ፣ ለልጄ። አደራው የወዳጄ የኦዲተሩ ነው። ቢያስፈልግ በሌላ አክሲዮን ይለውጠው፤ ዋናውን ግን እንዳይነካ።»

ሦስት ዓመት ነገሩ እንደ ሰዓት ሠራ። ፋብሪካው በየሦስት ወሩ ስድስት ሺ ብር ይከፍላል፤ ነጥብ በፖስታ አድርጎ ለሰፊዋ ይወስዳል። ከስድስት ሺው አራት ሺ አምስት መቶው ለቤት ኪራይ ይሄዳል። ቤቱ ምድር ቤት ያለ ሁለት ክፍል ነው። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያንን መስኮት እያንኳኳ ነው እጅጌ የሚያስጠብበው። ጣቶቿ እየጎበጡ መጥተው ስፌቱ ከዕለት ወጪ አያልፍም። ከዚያ ቤት ብትወጣ ደግሞ ያቺም ትቀራለች።

ከዚያ የፋብሪካው ጉባኤ ተሰብስቦ ሁለተኛ እቶን እንሠራለን አለ። ለእቶኑ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ትርፉ ለጥቂት ዓመታት አይከፈልም፣ እዚያው ይቀራል። ባለአክሲዮኑ አጨበጨበ። መቶ የነበረው የአንዱ አክሲዮን ዋጋ በወር ውስጥ መቶ ሃምሳ ገባ። ሁሉም ሀብታም ሆንኩ ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ነጥብም አጨብጭቦ ወጣና ደረጃው ላይ ሲደርስ ቆመ። በሚቀጥለው ጊዜ ለሰፊዋ ምን ይዞ ሊሄድ ነው?

ለሌላ ሰው ቢሆን መልሱን በአንድ ትንፋሽ ይነግረው ነበር። ስንቱን ወጣት ኦዲተር ሲያስተምረው ኖሯል! የትርፍ ድርሻ ማለት ከኩባንያው ወጥቶ፣ በጉባኤ ተወስኖ፣ ባለቤቱ እጅ የገባ ነው፤ ቢበላ አክሲዮኑ ቁጥሩ አይጎድልም። የዋጋ ጭማሪ ግን ከየትም አልወጣም። እዚያው አክሲዮኑ ውስጥ ነው ያለው፤ ነገ ገበያው ቢያኮርፍ ተመልሶ ይጠፋል። እበላዋለሁ ካልክ አክሲዮኑን ራሱን መቁረጥ አለብህ። ስለዚህ የመጀመሪያው ገቢ ነው፣ ሁለተኛው የዋናው አካል ነው። ይህን ያውቃል። ግን ማወቅና ያቺን ሴት ባዶ እጅ ቆሞ ማየት ለየቅል ናቸው።

«ዋጋው ይህን ያህል ጨምሮ አርባ አክሲዮን ቢሸጥ ምን ይጎዳል? የቀረው ከበፊቱ ይበልጣል» አለ ለራሱ። አርባ ሸጠ። ፖስታውን ወሰደ። «የትርፍ ድርሻው ደርሷል» አላት። እሷም መረቀችው። ሰው ዋሽቶ ምርቃት ሲቀበል ምን እንደሚሰማው ነጥብ ያን ቀን ነው ያወቀው። እንዲህ እያለ ስምንት ጊዜ ሆነ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የአታሚው ልጅ መጣች። ፋርማሲስት ናት፤ ሥራ ላይ የምትለብሰውን ነጭ ጋዋን እንኳ አላወለቀችም። ከፋብሪካው የተላከ የጉባኤ መጥሪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

«ጋሼ፣ ይሄ በአባቴ ስም በስህተት እኔ ጋ መጣ። ለአንድ አክሲዮን አንድ ድምፅ ነው ይላል፤ የድምፁን ብዛት እስቲ ይዩልኝ።»

አየው። ሦስት ሺ ስድስት መቶ ሰማንያ ይላል።

«አባቴ የተወው አራት ሺ ነበር። መቼም እርሶ ቁጥር አይሳሳቱም።»

ሰበብ ማበጀት ይችል ነበር። ግን «አልተሳሳትኩም፤ ሸጥኩት» አለና አንድም ሳይደብቅ ነገራት። ስትሰማ ፊቷ ቀላ፣ ከዚያ ገረጣ።

«እኔ እኮ እትዬ ትራብ አላልኩም» አለች በመጨረሻ። «የኮረዳነት ዘመኔን ልብስ ሁሉ የሰፋችልኝ እሷ ናት። ግን እኔን ለምን አልጠየቁኝም? የኔን ንብረት እየቆረጡ፣ እሷን እየዋሹ፣ መልካም ሰው መሆን በሰው ገንዘብ ነው እንዴ?»

ይህ ቃል ነጥብን አጥንቱ ድረስ ገባው፤ እውነት ነበረና።

«አንድ ነገር ብቻ ላስረዳሽ» አላት ቀስ ብሎ። «ሰበብ አይደለም። የአክሲዮንሽ ዋጋ ለምን የጨመረ ይመስልሻል? ለእሷ መከፈል የነበረበት ትርፍ እቶኑ ውስጥ ስለገባ ነው። በኑዛዜውም በሕግም ጭማሪው ያንቺ ነው፤ የጨመረው ግን በእሷ ጾም ነው። ይሄ ነው ሆዴን የበላው።»

ልጅቷ ወረቀቱን አጠፈችው። «እሺ። እትዬ ጋ እንሂድ። ካሁን በኋላ ከጀርባዋ የሚደረግ ነገር አልፈልግም።»

ሰፊዋ የአንድ ሱሪ ጫፍ ስታጥፍ አገኟት። መርፌውን ሱሪው ላይ ሰክታ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ስታይ ደስ ብሏት ተነሣች። ነጥብ ቆሞ ነው የነገራት፤ መቀመጥ አልሆነለትም።

መጀመሪያ አልገባትም። «ዋጋው ጨምሯል እያሉኝ አይደል እንዴ?»

«አዎ፣ ጨምሯል።»

«ታዲያ ለኔ የሚመጣ የለም?»

«ለእርሶ የሚመጣው ፋብሪካው ሲከፍል ነው። አልከፈለም።»

«ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ በሉኛ!» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን መሀል ላይ ተቋረጠ። ፖስታዎቹ ትዝ አሏት። «እና ሁለት ዓመት የበላሁት ወተት አልነበረም? ሥጋዋን ነው ያበሉኝ? የዚችን ልጅ ላም?»

«እትዬ፣ እኔ ይቅር ብያለሁ» አለች ልጅቷ ቶሎ ብላ። «እፈርምልሻለሁ። እኔ የሰጠሁሽ ይሁን።»

«አይሆንም!» አለች ሰፊዋ። እንባዋ መጣ። «ከእጅሽ ብትሰጪኝ እጅሽን ስሜ እቀበል ነበር። እኔ ግን የባሌ ነው እያልኩ ነው የበላሁት። ለሰው ሁሉ፣ ሞቶም አልጣለኝም እያልኩ ስኩራራ ነው የከረምኩት።» ወደ ነጥብ ዞረች። «እርሶ ደግሞ ወንድሜ፣ ለምን የለም አላሉኝም? የለም ቢሉኝ እችለው ነበር። ማጣትን የማላውቅ መሰልኩዎት?»

ሱሪውን መልሳ አነሳች፣ መርፌው ጠፋባት። ከዚህ ቤት እወጣለሁ አለች፤ የኪራዩ ቀን ሳይደርስ። ልጅቷ ነጥብን አየችው። አሁን ተቆጥታ ሳይሆን ልክ እንደ ሕፃንነቷ፣ አባቷን መላ ስትጠይቅ እንደምታየው።

አየህ፣ አንዳንዴ ሰው ጥፋቱን እስኪያምን ድረስ አእምሮው አይሠራም። ሲዋሽ በከረመበት ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት የኑዛዜውን መስመር ደፍሮ አላነበባትም ነበር። አሁን ትዝ አለችው።

«በሌላ አክሲዮን ይለውጠው ይላል እኮ» አለ። «ይለውጠው! ስሙኝ። አራት ሺው አሁን ባለው ዋጋ፣ አንዱ በመቶ ስልሳ፣ ስድስት መቶ አርባ ሺ ያወጣል። አንድ ሺ አምስት መቶውን ብሸጥ ሁለት መቶ አርባ ሺ ነው። በሱ፣ ዋጋው ብዙ የማይንቀሳቀስ ግን በየሦስት ወሩ የሚከፍል የኢንሹራንስ አክሲዮን እገዛለሁ። የተገዛው የልጅቷ ነው፣ ማንም አይበላውም። የሚከፍለው ግን የእርሶ ነው። እውነተኛ የትርፍ ድርሻ።»

«ሁለታችንም ምንም አናጣም?» አለች ልጅቷ።

«አንቺ ከዚህ በኋላ እቶኑ የሚያመጣው ጭማሪ በከፊል ይቀርብሻል። እሷም የድሮውን ያህል አታገኝም። አደራ የሁለት ሰው ሲሆን እንዲህ ነው፣ አንዱ ጠግቦ አንዱ አይራብም። ይህን የዛሬ ሁለት ዓመት ማድረግ ነበረብኝ። ከፍርሃቴ የተነሣ ማሰብ አቃተኝ።»

«አራት ሺ አሉ፤ ያለው ግን ሦስት ሺ ስድስት መቶ ሰማንያ ነው» አለች ፋርማሲስቷ። መድኃኒት ለክታ የምትሰጥ ናት፤ ቁጥር አታሳልፍም።

«ሦስት መቶ ሃያውን እኔ እተካለሁ።»

ተካ። አሁን ባለው ዋጋ ሃምሳ አንድ ሺ ሁለት መቶ ፈጀ፤ ሲሸጥ ካገኘው ሦስት ሺ ይበልጣል። ለዚያ ያለችውን መኪና ሸጠ። ከሃያ ዓመት በላይ በየእሑዱ በገዛ እጁ ሲያጥባት የኖረ መኪና ነበረች። ልጅቷ አይሽጡ ብላ ለምናው ነበር፤ «ነጥብ የምትሉኝ በከንቱ ነው እንዴ?» አለና ቁልፉን ለገዢው ሰጠ። ሰፈሩ ሲሳለቅበት ከረመ። በሽምግልናው በእግሩ መሄድ ጀመረ፣ ልቡ ግን ቀለለው።

ሦስት ወር ሲሞላ ልጅቷ በራሷ መኪና መጥታ ወሰደችው። ፖስታውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ሰፊዋ መስኮቷን ከፍታ ስትጠብቃቸው ነበር። በዚህ ጊዜ ከፖስታው ጋር የኢንሹራንሱ ኩባንያ ያወጣው የክፍያ ወረቀት አለ፤ ነጥብ መጀመሪያ እሱን ዘርግቶ አሳያት። መነጽሯን አድርጋ መስመር በመስመር አነበበችው። ከዚያ ገንዘቡን ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ቆጠረች፤ ድሮ ሳትቆጥር ነበር የምትቀበለው። አምስት ሺ አራት መቶ።

«ከበፊቱ ያንሳል» አለ ነጥብ አንገቱን ደፍቶ።

«ያንሳል» አለች። አራት ሺ አምስት መቶውን ለኪራይ ለየች። ዘጠኝ መቶዋን በሁለት እጇ ያዘች፣ ፎቶው ከግድግዳው ወደሚያያት ባሏ ዞረች። «ግን የኔ ነው።»