ዓመቱን ሙሉ ሙቀት

ያን ቀን ወይ መምህርት ሆኜ እቀጠራለሁ፣ ወይ እቃዬን ሰብስቤ እሄዳለሁ። የሙከራ ጊዜዬ አልቋል። ገምጋሚው ሽማግሌ ቅጻቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሠላሳ ዓመት ሳይንስ ያስተማሩ ሰው ናቸው አሉኝ።

ትምህርቱ ስለ ወቅቶች መፈራረቅ ነው። "ብርድ የሚመጣው ምድር ከፀሐይ ስትርቅ ነው" የሚለውን ወሬ ከልጆቹ ጭንቅላት ላወጣ ቆርጬ ተነሥቻለሁ። ክፍሉ መሃል አምፖል አቆምኩና እግሩ ላይ ሲባጎ አሰርኩ። ምድሬ ደግሞ የሹራብ መሥሪያ ዘንግ መሃል ለመሃል የተሰካባት ኳስ ናት። ሲባጎውን ወጥሬ እስከያዝኩ ድረስ ርቀቱ ንቅንቅ አይልም።

"ዘንጉ ዘመም ማለቱን እዩ" አልኩ። "የላይኛው ግማሽ ወደ ፀሐይ ሲያዘነብል ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ያርፍበታል፤ ቀኑም ይረዝማል። ሙቀት ማለት ይኼ ነው።" ከዚያ አንድ ዙር ዞርኩና ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ።

ካልተከራከረች ምሳዋ የማይወርድላት አንዲት ልጅ አለች፤ ጠበቃዋ እንላታለን። እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ዘንጉ እኮ ዙሩን ሙሉ ወደ አምፖሉ እንዳዘነበለ ነው። ታዲያ ብርዱ መቼ ይመጣል?"

ኳሷን አየኋት። እውነቷን ነው! ስዞር ሳላስበው ዘንጉንም አብሬ እያዞርኩት ነበር። ገምጋሚው አንድ ነገር ጫር አደረጉ፤ በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። ልሸፋፍነው ትንሽ ዳዳኝ፣ ግን ከጠበቃዋ ፊት የት ይደረሳል?

"ተሳስቻለሁ። እንዴት ልያዛት?"

"የላይኛው ጫፉ ሁልጊዜ ወደ መስኮቱ በኩል ያዘንብል፤ የትም ቢሄዱ አቅጣጫውን አይቀይሩት!"

ከመስኮቱ ተቃራኒ በኩል፣ ከአምፖሉ ወዲያ ጀመርኩ፤ ዘንጉ ወደ አምፖሉ ያዘነብላል። ግማሽ ዙር ዞሬ መስኮቱ ጋ ስደርስ ያው ዘንግ ከአምፖሉ ሸሸ። ላይኛው ግማሽ ላይ ብርሃኑ ተንጋዶ፣ ሳስቶ አረፈ።

"ብርድ!" ብለው ልጆቹ ጮኹ።

"ታችኛው ግማሽስ?"

"ሙቀት!"

"ሲባጎው ረዘመ?"

"አልረዘመም!"

ደስታዬን መያዝ አቃተኝ፣ እኔም አብሬያቸው ጮኽኩ። ይኼኔ ገምጋሚው ተነሥተው መጡ።

"እስቲ ልሞክረው" ብለው ኳሷን ተቀበሉኝ። ሩብ ዙር ሳይሄዱ እጃቸው ዘንጉን ወደ አምፖሉ አዞረው። ክፍሉ በአንድ ድምፅ "ወደ መስኮቱ!" አለ።

ሽማግሌው ቆሙ። ከዚያ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

"ጉድ ነው! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን ብርድ ነፍጌያቸው ኖሬያለሁ።" ቅጹን አነሡና ወደ ጠበቃዋ ዞሩ። "እንግዲህ መምህርትሽን ምን ብዬ ልጻፍላት?"

ልጅቷ አሰበች።

"ይቅጠሯቸው" አለች። "ተሳስተዋል ሲባሉ ይሰማሉ።"

እሳቸውም ቃል ሳይቀንሱ እንዳለችው ጻፉት።